ለገበያ ነጋዴዎች የታሰበ የእሳት አደጋ አነስተኛ መድን፦ ለሥራ አመራሩ የቀረበ ሐሳብ

የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፣

ዛሬ የማቀርብላችሁ በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ባሉ ገበያዎች፣ በመደብና በቆርቆሮ ሱቅ ለሚነግዱ ሰዎች የሚሆን፣ ሸቀጣቸውን ከእሳት ብቻ የሚሸፍን አነስተኛ የመድን ውል ነው። ስርቆትን ሆን ብለን አላካተትንም፤ ማታ ጠፋ የተባለ ሸቀጥ መጀመሪያውኑ በመደቡ ላይ ነበረ ወይ የሚለውን በእንዲህ ያለ አነስተኛ አረቦን ማጣራት አይቻልምና። እሳት ግን ምልክት ይተዋል፣ ጎረቤትም ያየዋል።

የምንሸፍነው ምን እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን አንድ የሰልባጅ ተራ ልግለጽ። መደቦቹ በእንጨትና በላስቲክ ተሠርተው እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። መብራቱ ከአንድ ቆጣሪ ወጥቶ በቅጥልጥል ሽቦ ከመደብ ወደ መደብ ያልፋል፤ ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ከሥሩም የቡና ሻጯ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። የዋጋችን ዋና ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለስሌት መነሻ እንዲሆነን 1,000 መደቦችን ወስደን፣ ለእያንዳንዱ እስከ 20,000 ብር የሚደርስ ሽፋን ሰጠን እንበል። ከ1,000ው በዓመት 12ቱ እሳት ቢያገኛቸውና ለእያንዳንዱ በአማካይ 14,000 ብር ብንከፍል፣ ካሳው 168,000 ብር፣ ለአንድ መደብ ደግሞ 168 ብር ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ግምቶች ናቸው፤ የሙከራው ዓላማም እነርሱን መፈተን ነው። ለጠለፋ መድን 50 ብር ስንጨምር 218 ብር ይደርሳል። ከአረቦኑ 35 በመቶ ለሰብሳቢ፣ ለአስተዳደርና ለትርፍ ሲታሰብ ዋጋው ወደ 335 ብር ይጠጋል። እኛ በሳምንት 7 ብር፣ ማለትም በዓመት 364 ብር እንዲሆን እንጠይቃለን፤ ልዩነቱ ለግምታችን ስህተት መጠባበቂያ ነው።

ሆኖም ይህ አማካይ ብቻውን ያታልላል። እሳት 12 መደቦችን በዓመቱ ውስጥ በየቦታው አንድ በአንድ አያቃጥልም፤ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ በአንድ ሌሊት ተራውን በሙሉ ሊወስድ ይችላል። 120 መደቦች አብረው ቢቃጠሉ ካሳው 1,680,000 ብር ሲሆን፣ የዓመቱ ጠቅላላ አረቦናችን ግን 364,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ተያያዥ ተራ ከ40 መደብ በላይ እንዳንሸፍን፣ በአንድ እሳት ከ200,000 ብር በላይ የሚደርሰውንም ኪሳራ ወደ ጠለፋ መድን እንድናስተላልፍ እጠይቃለሁ። ገደቡ አንዳንድ ነጋዴዎችን ተራ እንደሚያስጠብቅ አውቃለሁ፤ ግን መክፈል የማንችለውን ቃል ከመስጠት ይሻላል።

የካሳ አከፋፈሉ ሌላው ስስ ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን ካሳ በአደጋው ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ለተቃጠለ ሁሉ እኩል 20,000 ብር መክፈል አንችልም። ነጋዴው ደግሞ የሸቀጥ መዝገብ የለውም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ በስልክ የተነሳ የመደቡ ፎቶና የሸቀጡ ግምት እንዲመዘገብ፣ ከአደጋ በኋላም የጎረቤቶች ምስክርነት ከዚህ ጋር እንዲመሳከር አስበናል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 26,000 ብር የሚያወጣ ሰልባጅ ያላት ነጋዴ የ13,000 ብር ዕቃ ቢቃጠልባት፣ ሽፋኗ ከሸቀጧ ዋጋ ስለሚያንስ በተለመደው የተመጣጣኝነት ስሌት የምታገኘው 10,000 ብር ብቻ ነው። ይህንን ቀነስንብሽ ብሎ ለእርሷ ማስረዳት ይከብዳል፤ ወሬውም በማግስቱ ገበያውን ያዳርሳል። ስለዚህ ይህ ስሌት በውሉ በግልጽ ቀርቶ፣ እስከ 20,000 ብር ድረስ የደረሰው ጉዳት እንዳለ እንዲከፈል እጠይቃለሁ። የ14,000 ብሩ አማካይም የተያዘው በዚሁ ታሳቢ ነው።

ለሽያጭ አዲስ ቢሮ አንከፍትም። ነጋዴዎቹ በየሳምንቱ እቁብ ይጥላሉና ውሉን በቡድን ከእቁቡ ጋር እንፈራረማለን፤ ሰብሳቢውም ከአረቦኑ 10 በመቶ ያገኛል። ያም ሆኖ ጥሬ ገንዘብ በእጁ እንዳይቆይ፣ ክፍያው በቴሌብር በቀጥታ ወደ ኩባንያው ሒሳብ ገብቶ ነጋዴው በስልኩ የማረጋገጫ መልእክት ይድረሰው። ሳምንቱ ላለፈው አባል እቁቡ ቀድሞ ከፍሎ ከዕጣው ላይ ይቀንስበታል፤ ሽፋኑ በአንድ ሳምንት ክፍተት እንዳይቋረጥ የሚጠብቀው ይህ ነው። በአንጻሩ እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ሊበተን ስለሚችል፣ የውሉ ዘመን ከዙሩ ጋር እንዲገጥም ያስፈልጋል።

ከእናንተ የምጠይቀው በ1,000 መደቦች የአንድ ዓመት ሙከራ እንድትፈቅዱ፣ የጠለፋ መድን ድርድሩም ከመጀመሪያው ውል በፊት እንዲጠናቀቅ እንድታዝዙ ነው። የጠለፋ ዋጋው ለአንድ መደብ ከ50 ብር ከበለጠ በ7 ብሩ ዋጋ ውስጥ ያለውን መጠባበቂያ ስለሚበላ፣ ሽያጭ ሳንጀምር ስሌቱን ይዤ ተመልሼ ወደ እናንተ እቀርባለሁ።