አልፋው 0.48 ወጣ፤ ስድስተኛውን ጥያቄ እንሰርዘው?

ሃያት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነው የምናወራችሁ። ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ላሉ ሁሉ ምዕራፍ ሦስት ላይ ስለምትመጣው ቁጥር ነው፤ የመጠይቅ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ስለምታሳየው ክሮንባክ አልፋ። ቢኒ፣ በቀጥታ ወደ ምሳሌው ብንገባስ?

ቢንያም፦ እንግባ። ለማስረዳት ያዘጋጀነው ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹን ያስተካከልናቸው በእጅ ለማስላት እንዲመቹ ነው። አንድ ተማሪ በጤና ጣቢያ ውስጥ ባለሙያዎች ተገልጋዩን እንዴት እንደሚይዙ መለካት ፈለገ እንበል። ስድስት ጥያቄ አለው፣ መልሱ ከ1 «በጣም አልስማማም» እስከ 5 «በጣም እስማማለሁ»። ሳቢያን አካባቢ 40 ሰው ላይ ፓይለት ሠራ።

ሃያት፦ ጥያቄዎቹን ላንብባቸው። አንድ፣ ካርድ ክፍል በአክብሮት ተቀበሉኝ። ሁለት፣ ባለሙያው ችግሬን በጥሞና አዳመጠኝ። ሦስት፣ የምርመራዬን ውጤት በሚገባኝ መንገድ አስረዱኝ። አራት፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በግልጽ ነገሩኝ። አምስት፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ ችግሬን መናገር ችያለሁ። ስድስት፣ ባለሙያው እየተቻኮለ ነው ያስተናገደኝ።

ቢንያም፦ ስድስተኛዋን ያዟት። ተማሪው ስድስቱንም አንድ ላይ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገባ፣ አልፋው 0.48 ወጣ። አድቫይዘሩ ደግሞ «ከ0.70 በታች አልቀበልም» ብለውታል።

ሃያት፦ አቦ፣ እዚህ ላይ ነው መደንገጥ የሚጀምረው! ግን 0.48 ከየት መጣ?

ቢንያም፦ አልፋ ሁለት ነገር ነው የሚያነጻጽረው። የየጥያቄውን ቫሪያንስ ለየብቻ አውጥተሽ ትደምሪዋለሽ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ስድስት መልሶች ደምረሽ ጠቅላላ ነጥብ ትሰጪውና፣ የዚያን ጠቅላላ ነጥብ ቫሪያንስ ታሰያለሽ። ጥያቄዎቹ ምንም ካልተዛመዱ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ አልፋም ዜሮ ይሆናል። አንዱን ጥያቄ ከፍ አድርጎ የመለሰ ሰው ሌሎቹንም ከፍ ካደረገ ግን ጠቅላላው በጣም ይሰፋል፤ አልፋም ያድጋል። ቀመሩ ይኸው፤ k የጥያቄዎቹ ብዛት ነው፣ Vi የየጥያቄው ቫሪያንስ፣ Vt የጠቅላላው ነጥብ ቫሪያንስ፣ Σ ደግሞ ድምር።

```
α = k/(k−1) × (1 − ΣVi / Vt)
```

ሃያት፦ በእኛ ምሳሌ የእያንዳንዱ ጥያቄ ቫሪያንስ 1 ነው፣ ስለዚህ ድምሩ 6። የጠቅላላው ነጥብ ቫሪያንስ ደግሞ 10 ሆኗል። 6 ለ10 ሲካፈል 0.6፣ ከ1 ሲቀነስ 0.4፣ በ6/5 ማለትም በ1.2 ሲባዛ 0.48።

ቢንያም፦ ልክ ነው። አሁን ተማሪው «Scale if item deleted» የምትለዋን ምልክት አድርጎ ከሆነ፣ «Item-Total Statistics» የሚባል ሠንጠረዥ ይመጣለታል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዓምድ «Corrected Item-Total Correlation» ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከቀሪዎቹ ድምር ጋር ያለውን ተዛምዶ ያሳያል። አምስቱ ጥያቄዎች 0.47 አካባቢ ናቸው። ስድስተኛዋ −0.55!

ሃያት፦ ከጎኑ ያለው ዓምድ ግን ነው ሰውን የሚያሳስተው። «Cronbach's Alpha if Item Deleted» ላይ ስድስተኛዋ ፊት ለፊት 0.77 ይላል። ተማሪው ያንን ሲያይ ጥያቄዋን ሰርዞ 0.77 ብሎ ጽፎ ይሄዳል፣ አድቫይዘሩም ይፈርማሉ።

ቢንያም፦ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። −0.55 ማለት ጥያቄዋ ደካማ ናት ማለት አይደለም። በጣም ጠንካራ ግንኙነት አላት፣ አቅጣጫዋ ብቻ ነው የተገለበጠው። ደካማ ጥያቄ ወደ ዜሮ ነው የሚጠጋው። «እየተቻኮለ ነው ያስተናገደኝ» የሚለው ላይ 5 የሰጠ ሰው የተከፋ ነው፣ ሌሎቹ ላይ 5 የሰጠ ደግሞ የረካ ነው። መልሷ ሳይገለበጥ ስለገባች ነው ጠቅላላው ቫሪያንስ የጠበበው።

ሃያት፦ መገልበጡ ቀላል ነው፤ ከ1 እስከ 5 ባለ መለኪያ ላይ ከ6 መቀነስ። ትዕዛዙን እዚህ ጽሑፍ ላይ እናስቀምጠው።

```
COMPUTE q6r = 6 - q6.
RELIABILITY
  /VARIABLES=q1 q2 q3 q4 q5 q6r
  /MODEL=ALPHA
  /SUMMARY=TOTAL.
```

ቢንያም፦ አንድ ጥንቃቄ፦ ያልተመለሰውን በ99 የሞላችሁ ከሆነ፣ 99 ባዶ መልስ መሆኑን መጀመሪያ «Missing» ላይ ንገሩት። አለበለዚያ 6 ሲቀነስ 99፣ −93 የሚባል መልስ ይፈጠርና ሁሉንም ያበላሻል።

ሃያት፦ እና ከተገለበጠ በኋላ?

ቢንያም፦ የጠቅላላው ቫሪያንስ ከ10 ወደ 18 ያድጋል። 6 ለ18 አንድ ሦስተኛ ነው፣ ከ1 ሲቀነስ ሁለት ሦስተኛ፣ በ1.2 ሲባዛ 0.80። ስለዚህ ጥያቄዋን መሰረዝ 0.77፣ ማስተካከል 0.80 ይሰጣል። ደግሞ ከቁጥሩ በላይ፣ ለተገልጋዩ በቂ ጊዜ መሰጠቱን የጠየቀች ብቸኛዋ ጥያቄ እሷ ነበረች። ብትሰረዝ መለኪያው ያንን ጎን ያጣል።

ሃያት፦ እሺ፣ ገልብጠን እንኳ አሉታዊ ሆና ብትቀርስ? ይህ ያጋጥማል።

ቢንያም፦ ያጋጥማል፣ እኔ ያኔ ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው። አንዱ፣ ተጠያቂው ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» እያለ አልፏል። በተለይ ጠያቂው ነጭ ጋዋን ለብሶ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ከጠየቀ፣ ሰው በይሉኝታ ሁሉንም ይስማማል። ወረቀቶቹን አውጥታችሁ ከአንድ እስከ ስድስት 5፣ 5፣ 5 እያለ የሄደ ስንት እንዳለ ቁጠሩ። እንዲህ ያሉ መልሶች ሁሉም ጥያቄ አዎንታዊ በሆነበት መጠይቅ ላይ አልፋን በሐሰት ከፍ ያደርጉታል፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ማለት ነው።

ሃያት፦ ሁለተኛው ትርጉም ነው አይደል? እዚህ ድሬ መጠይቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይበተናል። በአንዱ ቋንቋ «እየተቻኮለ» የሚለው «በፍጥነት አስተናገደኝ» ተብሎ ከተተረጎመ ምስጋና ሆነ!

ቢንያም፦ በትክክል። ስለዚህ አልፋውንና የዚያችን ጥያቄ ተዛምዶ በየቋንቋው ለይታችሁ አስሉ። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ከተገለበጠች ጥፋቱ ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። ሦስቱን ደባልቆ ያሰላ ሰው ይህን አያየውም።

ሃያት፦ አሁን ወደዚያች 0.70 እንሂድ። ሁሉም ሰው «ተቀባይነት ያለው» ይላታል። ማን ወሰናት?

ቢንያም፦ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው ኑናሊን ነው፣ «Psychometric Theory» የሚለውን መጽሐፉን፣ እ.ኤ.አ. የ1978ቱን እትም። እሱ ግን አንድ ቁጥር አይደለም ያስቀመጠው። ገና ጅምር ላይ ላለ ጥናት 0.70 ይበቃል፤ ለመደበኛ ምርምር 0.80 ይሻላል፤ በውጤቱ ስለ አንድ ግለሰብ የሚወሰን ከሆነ ደግሞ 0.90 እንኳ ዝቅተኛው ነው፣ 0.95 ይመረጣል ነው ያለው። እኛ የመጀመሪያዋን ብቻ ቆርጠን ወሰድን።

ሃያት፦ ለግለሰብ ያን ያህል ለምን?

ቢንያም፦ በእኛው ምሳሌ እንየው። የጠቅላላው ቫሪያንስ 18 ነው፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4.24 ገደማ። ከ1 ላይ አልፋን ቀንሰሽ የቀረውን ስኩዌር ሩት ታወጪና በዚህ ታባዢዋለሽ፤ አልፋው 0.80 ከሆነ 1.9 ይወጣል። ይህ የአንድ ነጥብ የስህተት መጠን ነው፤ ሁለት እጥፉን ወደ ላይም ወደ ታችም እንወስዳለን። የአንድ ሰው ነጥብ 20 ከሆነ፣ እውነተኛ ነጥቡ ከ16 እስከ 24 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መለኪያው በሙሉ ከ6 እስከ 30 ነው! የሁለት ጤና ጣቢያዎችን አማካይ ለማነጻጸር ችግር የለውም፣ የብዙ ሰው ስህተት እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንድን ሰው ለይቶ ለመመደብ ግን አይሆንም።

ሃያት፦ እኔ 0.70ን ስሰማ ቀድሜ የምጠይቀው «ስንት ጥያቄ ነው?» ብዬ ነው።

ቢንያም፦ መጠየቅም ያለበት እሱ ነው። ጥያቄ በበዛ ቁጥር አልፋ ይወጣል። በመካከላቸው በአማካይ 0.15 ብቻ የሚዛመዱ 20 ጥያቄዎች ብትሰበስቢ አልፋው 0.78 ይሆናል። 0.40 የሚዛመዱ ሦስት ጥሩ ጥያቄዎች ደግሞ 0.67 ብቻ ናቸው። በ0.70 ሚዛን የመጀመሪያው ያልፋል፣ ሁለተኛው ይወድቃል። የተሻሉት ግን ሦስቱ ናቸው።

ሃያት፦ ከዚህ የባሰም አለ፤ አልፋ ከፍ ስላለ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ይለካሉ ብሎ መደምደም። ስለ ባለሙያው አያያዝ ስድስት፣ ስለ ግቢው ንጽሕና ስድስት ጥያቄ ቀላቅል። በየቡድናቸው 0.50 ይዛመዳሉ፣ በሁለቱ ቡድን መካከል ግን ምንም ግንኙነት የለም። አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ብታሰላ?

ቢንያም፦ የጠቅላላው ቫሪያንስ 42 ይሆናል፣ የጥያቄዎቹ ድምር 12። አልፋው 0.78። ሁለት ፍጹም የማይገናኙ ነገሮች ተደምረው «ተቀባይነት ያለው» ተባሉ። ለዚህ ነው መጠይቁ ስንት ዘርፍ እንዳለው በፋክተር አናሊሲስ መታየት ያለበት፤ አልፋ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለየዘርፉ ለየብቻ። «የመጠይቁ አጠቃላይ አልፋ 0.91» ብሎ አርባውን ጥያቄ በአንድ ቁጥር የሚያስር ጽሑፍ ካያችሁ፣ ምንም አልነገራችሁም።

ሃያት፦ 0.96 እና 0.97 ይዘው የሚመጡትስ? ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት።

ቢንያም፦ ጥያቄዎቹን አንብቡ ነው የምላቸው። አብዛኛውን ጊዜ «በአክብሮት ተቀበሉኝ»፣ «አክብረው አስተናገዱኝ»፣ «አክብሮት አሳዩኝ» ሆኖ ታገኘዋለሽ። ያው አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን ብታወጪ የሚጎድል መረጃ የለም፣ ተጠያቂውም ይገላገላል።

ሃያት፦ ለመጻፍስ? ምዕራፍ ሦስት ላይ ምን ይግባ?

ቢንያም፦ የጥያቄዎቹ ብዛት፣ የትኛዋ እንደተገለበጠች፣ ስንት ሰው ላይ እንደተሰላ፣ አልፋው፣ ከተቻለም የመተማመኛ ክልሉ። 40 ሰው ላይ የተሰላ 0.80፣ ክልሉ ከ0.69 እስከ 0.88 ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከ0.70 በላይ ነው ብሎ መማል አይቻልም። የሰውን ቁጥር ደግሞ «Case Processing Summary» ላይ እዩት። ኤስፒኤስኤስ አንዲት ጥያቄ የዘለለን ሰው ሙሉ በሙሉ ስለሚያወጣው፣ 40 ያላችሁት 31 ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሃያት፦ «ይህ መጠይቅ በሌላ አገር 0.87 ነበረው» ብሎ መተውስ?

ቢንያም፦ አይሆንም። አልፋ የመጠይቁ ሳይሆን የእነዚያ መልሶች ነው። ሰዉ፣ ቋንቋው፣ አጠያየቁ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። የቀድሞውን ጥቀሱት፣ ከጎኑ ግን የራሳችሁን አስቀምጡ፤ ፓይለቱንም ዋናውንም ዳታ።