ክቡ ወንዙን አያይም፦ የክሊኒክ ማስታወቂያ እስከየት ይድረስ?

(ስክሪኑ ላይ፦ ካርታ፣ መሃሉ ላይ የክሊኒክ ፒን፣ ዙሪያውን ትልቅ ሰማያዊ ክብ)

አንድ የጥርስ ክሊኒክ አለ እንበል። ጉግል ላይ ማስታወቂያ ከፈተ፣ ካርታው ላይ ራሱን መሃል አድርጎ የ10 ኪሎ ሜትር ክብ ሳለ። ስልኩ ይጮኻል። ቀጠሮም ይያዛል። ከያዙት ብዙዎቹ ግን ብቅ አይሉም። ባለቤቱ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ቀየረ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ችግሩ ያለው ጽሑፉ ላይ አልነበረም።

(ካርታው ላይ፦ ከክሊኒኩ በስተምዕራብ ወንዝ ይታያል)

ከክሊኒኩ በስተምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ወንዝ አለ። ድልድዩ ያለው ራቅ ብሎ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው በአየር መስመር 4 ኪሎ ሜትር ቢርቅም፣ በመንገድ ለመምጣት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ክቡ ደግሞ የሚያውቀው የአየሩን መስመር ብቻ ነው። ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ፣ አየር ማረፊያ፣ ገደል፣ ሁሉም ለእሱ ባዶ ሜዳ ናቸው።

ታዲያ ትክክለኛው ራዲየስ ስንት ነው? መልሱ ያለው የታካሚዎች መዝገብ ውስጥ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት አዲስ ታካሚዎች አውጡና በሰፈር በሰፈር ቁጠሯቸው። የእኛ ክሊኒክ 200 አገኘ እንበል። 150ዎቹ ከ5 ኪሎ ሜትር ወዲህ ናቸው። 40ዎቹ ራቅ ይላሉ፣ ግን ሁሉም በሰሜኑ ዋና መንገድ ዳር ነው የሚኖሩት፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ክሊኒኩ በር ላይ ያደርሳቸዋል። 8ቱ ከዚህም ከዚያም ናቸው። ከወንዙ ማዶ የመጡት 2 ብቻ!

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ፣ ብዙ ሰው ይሸወድበታል። ራዲየሱን ከ10 ወደ 5 ስታወርዱ የምትሸፍኑት ቦታ በግማሽ አይቀንስም፣ ወደ ሩብ ይወርዳል። 314 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 79 ይጠጋል። ያው ባጀት ሩብ ቦታ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

(ስክሪኑ ላይ፦ ትልቁ ክብ ይጠፋል፣ ትንሽ ክብ ወደ ምሥራቅ ይንሸራተታል)

አሁን ማዶውን እናውጣ። ጉግል ላይ ክብ ስሎ ማግለል አይቻልም፤ የሚገለለው ስም ያለው ቦታ ነው፣ ለምሳሌ ከተማ ወይም የፖስታ ኮድ። ማዶው የራሱ ስም ካለው ፈልጋችሁ "Exclude" በሉት። የታለመና የተገለለ ቦታ ሲደራረቡ የሚያሸንፈው የተገለለው ነው። ስለዚህ የምታገሉት ቦታ የእናንተንም ዳርቻ የሚነካ ከሆነ፣ ሳታውቁት የራሳችሁን ጎረቤት እንዳታስወጡ።

ማዶው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? ፒኑ የግድ ክሊኒኩ ላይ መቀመጥ የለበትም። ይህን የሚያስብ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ፒኑን 2 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ አንሸራቱና የ4 ኪሎ ሜትር ክብ ሳሉ። ክቡ በምዕራብ ወንዙ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ በምሥራቅ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለሰሜኑ መንገድ ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ትንንሽ ክቦች ከአንድ ትልቅ ክብ ይልቅ የሰፈሩን ቅርጽ ይከተላሉ። ፌስቡክ ላይ ነገሩ ይቀላል፤ እዚያ ፒን ተክሎ ክቡን ራሱን ማግለል ይቻላል።

(ስክሪኑ ላይ፦ "Location options")

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አንድ ሴቲንግ ከረሳችሁ ግን ልፋታችሁ ገደል ገባ። ጉግል በነባሪው "Presence or interest" ላይ ነው የሚያስቀምጣችሁ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ስለ ሰፈራችሁ ስለፈለገ ብቻ ማስታወቂያው ሊታየው ይችላል። ለሆቴል ጥሩ ነው። ጥርሱን ለሚያመው ሰው ግን "Presence" ይመረጥ። ይህ በቦታው ያሉትን ወይም አዘውትረው የሚገኙትን ነው የሚይዘው። ማዶ እየኖረ ክሊኒኩ አጠገብ የሚሠራ ሰውም ሥራ ቦታው ሳለ ማስታወቂያውን ሊያይ ይችላል። እሱማ ይምጣ፣ በምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ "Matched locations" የሚለውን ሪፖርት ክፈቱ። ክሊክ የመጣው ከሩቅ ከተማ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንን ሴቲንግ ተመልከቱ። ከወንዙ ማዶ ጥቂት ክሊክ ከታየ ግን አትደንግጡ። ስልክ ያለበት ቦታ አንዳንዴ በጂፒኤስ፣ አንዳንዴ በኢንተርኔት አድራሻው ስለሚገመት የክቡ ጠርዝ ሁልጊዜ ትንሽ ያፈሳል። ማዶው በየሳምንቱ እየበዛ ከሄደ ክቡን ጠበብ አድርጉት።

ሪፖርቱ የማይነግራችሁን ደግሞ የእንግዳ መቀበያዋ ትነግራችኋለች። ለሚደውል ሁሉ "ከየት ሰፈር ነው?" ብላ ትጠይቅና ከስሙ አጠገብ ትጻፈው፤ ቀጠሮ ይዞ የቀረውንም እዚያው ምልክት ታድርግበት።