ለሳንባ ምች ስንት ፍሬ? አሞክሲሲሊንን በዕድሜ መመደብ

[ስክሪን፦ የሥልጠናው ጽሑፍ፣ የመጠን ሠንጠረዡ ያለበት ገጽ]

ተራኪ፦ በጤና ኬላችሁ ያለው አሞክሲሲሊን በውኃ የሚሟሟው፣ ባለ 250 ሚሊ ግራሙ ነው። የሚሰጠው ጠዋትና ማታ፣ ለ5 ቀን ነው። ከዕድሜ ጋር የሚለወጠው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ፍሬ ብቻ ነው።

[ስክሪን፦
ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያልሞላው፦ 1 ፍሬ፣ በጠቅላላ 10
ከ12 ወር እስከ 3 ዓመት ያልሞላው፦ 2 ፍሬ፣ በጠቅላላ 20
ከ3 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያልሞላው፦ 3 ፍሬ፣ በጠቅላላ 30]

ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ በዚህ ሠንጠረዥ አይታከምም፤ መመሪያው ሌላ ነው። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስታውክ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን የሳተ ልጅም ወደ ጤና ጣቢያ በአስቸኳይ ይላካል እንጂ የ5 ቀን መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ አይመለስም።

ሠንጠረዡን ማንበብ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ዕድሜውን ማወቅ ነው።

[ስክሪን፦ እናት ሕፃን ታቅፋ፣ አንድ ከፍ ያለ ልጅ አጠገቧ ቆሞ። ቀኑ ነሐሴ 26፣ 2017]

ተራኪ፦ ለልምምድ ያህል ይህችን እናት እንውሰድ። ሁለቱም ልጆቿ ያስላቸዋል። ሕፃኑ ረጋ ብሎ ሳለ ትንፋሹ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር 46 ሆነ።

ባለሙያዋ፦ እኅቴ፣ ዕድሜው ስንት ነው?

እናት፦ ዓመት ሆኖታል።

ባለሙያዋ፦ መቼ ወለድሽው?

እናት፦ ዘንድሮ፣ የመስቀል ዕለት።

ተራኪ፦ መስቀል መስከረም 17 ነው። ስለዚህ ሕፃኑ 11 ወር አልፎታል እንጂ ዓመት አልሞላውም። ይህ ልዩነት የመድኃኒቱን መጠን ብቻ አይደለም የሚለውጠው። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላልሞላው ሕፃን ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከ12 ወር በኋላ ግን መለኪያው ወደ 40 ይወርዳል። የ11 ወሩ ሕፃን 46 ፈጣን አይደለም፤ ሌላ ምልክት ከሌለበት ሳል ነው፣ አሞክሲሲሊንም አያስፈልገውም። የእናቲቱን ቃል እንዳለ ወስደን «ዓመት ሞልቶታል» ብንል ኖሮ የሳንባ ምች ብለን 20 ፍሬ እናስታቅፋት ነበር። ስለዚህ ዕድሜን በዓመት አትጠይቁ፤ ልደቱን ከሚታወስ በዓል ጋር አያይዛችሁ ወራቱን ራሳችሁ ቁጠሩ።

[ስክሪን፦ ትልቁ ልጅ ሚዛን ላይ]

ተራኪ፦ ወንድሙ 4 ዓመት ሞልቶታል፣ 18 ኪሎ ይመዝናል፣ ትንፋሹ 44 ነው። እዚህ ጥርጥር የለም፤ ፈጣን ነው። በአንድ ጊዜ 3 ፍሬ ይወስዳል።

አሁን ግድግዳችሁን ተመልከቱ። የቆየ ሠንጠረዥ ተለጥፎ ከሆነ «ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት፣ 2 ፍሬ» ይል ይሆናል። ሦስተኛው የዕድሜ ክፍል የመጣው የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. መጠኑን ሲያሻሽል ነው። ምክንያቱን በስሌት ማየት ይቻላል፦ ሁለት ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ ለዚህ ባለ 18 ኪሎ ልጅ ግን 28 እንኳ አይሞላም። ሦስት ፍሬ ሲሆን ወደ 42 ከፍ ይላል። አሮጌውን ሠንጠረዥ ቅደዱት፤ አጠገቡ አዲሱን መለጠፍ አይበቃም።

[ስክሪን፦ ማንኪያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሦስት ፍሬ]

ተራኪ፦ መድኃኒቱን በንጹሕ ውኃ አሟሟታችሁ የመጀመሪያውን ለእናቲቱ እያሳያችሁ እዚያው ስጡት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስታወከው ይደገምለታል። ከዚህ በፊት አሞክሲሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ አብጦ ወይም ሽፍ ብሎበት ከነበረ ግን አትስጡት፣ ላኩት። የቀሩትን 27 ፍሬዎች ስትሰጧት ልጁ ቢሻለውም እስከ 5ኛው ቀን እንድትቀጥል ንገሯትና መልሳ እንድትነግራችሁ አድርጉ።

[ስክሪን፦ ነሐሴ 28፣ የተቆጠሩ ፍሬዎች]

ተራኪ፦ ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት፣ የዕለቱን ከሰጠችው በኋላ፣ ማሸጊያውን ይዛ ትምጣ። እስካሁን አምስት ጊዜ ወስዷል፤ 15 ፍሬ ወጥቶ 15 ሊቀር ይገባል። 19 ቀርቶ ካገኛችሁ ቤት ውስጥ ሁለት ሁለት ፍሬ ስትሰጥ ቆይታለች ማለት ሊሆን ይችላል። 21 ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳትሰጠው ቀርታለች፤ ምናልባት ማታ ማታውን። ሳትቆጧት ጠይቋት፣ ከዚያ ትንፋሹን እንደገና ቁጠሩ። በትክክል ወስዶም ትንፋሹ ካልቀነሰ፣ ወይም ከእነዚያ የአደጋ ምልክቶች አንዱ ከታየ፣ ፍሬ አትጨምሩለት፤ የሰጣችሁትን መጠንና የጀመራችሁበትን ቀን በማስተላለፊያው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።