ከጅማ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና፦ ጊቤ ስንት ይበላል?

[ምስል፦ የጊቤ ድልድይ ከላይ ሲታይ። ቀጥሎ የመኪናው ስክሪን በቅርበት፦ 58%፣ 296 km]

ይሄ ስክሪን የኔ መኪና ነው። የቆምኩት ጊቤ ድልድይ አጠገብ ነው። ከጅማ ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ወጥቼ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻለሁ። ስክሪኑ ገና 296 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ ይለኛል። አዲስ አበባ የቀረኝ 185 ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ አዲስ አበባ ገብቼ 100 ኪሎ ሜትር ይተርፈኛል ማለት ነው።

[ምስል፦ ያው ስክሪን ወልቂጤ መግቢያ ላይ፦ 41%፣ 209 km]

ይሄ ደግሞ ወልቂጤ ነው። ከድልድዩ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከስክሪኑ ላይ የጠፋው ግን 87 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው አልተበላሸም፣ ባትሪውም ደህና ነው። የበላው ዳገቱ ነው።

ዛሬ የማሳያችሁ ይሄንን ነው። መኪናዬ 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪ ያለው መካከለኛ የቻይና መኪና ነው። በወረቀቱ ላይ 510 ኪሎ ሜትር ይላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ እንዲህ ዓይነቱ መኪና ጅማም በዝቷል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳው ሰው ምንም ችግር የለውም። ችግሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ልሂድ ሲል ነው።

መጀመሪያ 510 የሚለውን ቁጥር እርሱት። በቻይና ፈተና የተለካ ነው። ፈተናው ከተማ ይበዛበታል፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ስክሪን ላይ የሚያሳዩትም ያንኑ ነው፤ መቶኛውን በ510 አባዝተው ይነግሯችኋል። የናንተ እንደዚያ መሆኑን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ልክ 50 በመቶ ላይ ስትደርሱ እዩት። ቀስ ብላችሁም ነዳችሁ እየበረራችሁ ሁልጊዜ 255 የሚል ከሆነ፣ ስለ መንገዱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት እንቁጠር። ባትሪው እንደ ነዳጅ ታንከር፣ ኪሎዋት ሰዓቱ እንደ ሊትር ይሁንላችሁ። ስክሪኑ ላይ kWh/100km የሚል ቁጥር አለ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት "ሊትር" እንደሚጠጣ ማለት ነው። የኔ መኪና ሦስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ፣ ሜዳ ላይ፣ በ80 ፍጥነት 15 አካባቢ ይጠጣል። 100 ላይ ከነዳሁት 18 ይገባል።

[ምስል፦ ወደ ጅሬን የሚወጣው መንገድ፣ የስክሪኑ ቁጥር ሲያሻቅብ]

ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጅማ ያላችሁ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጅሬን ውጡ። ስትወጡ ያ 15 የነበረው ቁጥር እጥፍ ሆኖ ያልፋል። ስትወርዱ እግራችሁን ከመርገጫው አንሱ። ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማለትም ባትሪው እየሞላ ነው። ግን የወጣው ሁሉ አይመለስም።

በቁጥር እንዲህ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ከመደበኛው ፍጆታ በላይ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ያንኑ ሲወርድ የሚመልሰው 3 ተኩል ያህሉን ነው። ሌላው በሙቀትና በፍሬን ይባክናል። ፍሬን ደጋግሞ የሚረግጥ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያገኘው።

[ምስል፦ የመንገዱ ከፍታ በመስመር ሲሳል፦ ጅማ፣ ጊቤ፣ ወልቂጤ፣ አዲስ አበባ]

አሁን መንገዱን እዩት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ ድልድይ 1,100። ወልቂጤ 1,900። አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ። ከጅማ ስንነሳ ወደ ጉድጓድ እንወርዳለን፣ ከዚያ ከገባንበት ከፍ ብለን እንወጣለን።

እስቲ በሦስት እንክፈለው። ከጅማ እስከ ጊቤ 165 ኪሎ ሜትር ነው። ከ60 ኪሎዋት ሰዓቱ ለመንገዱ 25 እንበል፣ ለኤሲ 2 ተኩል። ሶኮሩ አካባቢ ሽቅብም ቁልቁልም አለው፤ በድምሩ ግን ቁልቁለቱ ወደ 2 ይመልስልናል። 25 ወጣ፣ 35 ቀረ። ከጊቤ ወልቂጤ 30 ኪሎ ሜትር፤ መንገዱ 4 ተኩል ብቻ ነው። ዳገቱ ግን 800 ሜትር ስለሆነ 5 ይጨምራል፣ ኤሲው አንድ። 10 ወጣ፣ 25 ቀረ። ይሄ ነው ያ 87 ኪሎ ሜትር የጠፋበት ቦታ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር፤ ለመንገዱ 23፣ ለዳገቱ 3፣ ለኤሲ 2 ተኩል። 29 እንበለው።

ያለን 25 ነው፣ የሚፈለገው 29። ሰበታ አካባቢ መንገድ ዳር እንቀራለን። በወረቀት 510 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 350ውን አልጨረሰም።

ስለዚህ ወልቂጤ ላይ መሙላት ግድ ነው። ስንት? የጎደለው 4፣ ለመጠባበቂያ የማልነካው 6፣ ለዝናብና መግቢያ ላይ ለሚያጋጥመው መጨናነቅ 5። 15 ኪሎዋት ሰዓት። ከዚያ በላይ መቆም ጊዜ ማባከን ነው።

15 ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል? እንደ ሶኬቱ ነው። 50 ኪሎዋት የሚሰጥ ፈጣን መሙያ ካገኛችሁ 20 ደቂቃ፣ ማለትም ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ። ግቢ ውስጥ የተለየ 32 አምፔር መስመር የተዘረጋለት ሰው ካላችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ምሳ በልታችሁ ትንሽ ታወራላችሁ። ተራ የግድግዳ ሶኬት ላይ፣ በ10 አምፔር፣ ስምንት ሰዓት። እዚያ አደራችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስልክ መደወል ይለምድባችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁ። መብራት አለ ወይ? ሶኬቱ የቻይናው ጂቢቲ ነው ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2? ግቢው ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ሁለተኛውን ጥያቄ ረስቼ፣ የሚሠራ መሙያ ፊት ቆሜ ገመዱ አልገባ ብሎኝ ያውቃል።

[ምስል፦ ኤክስቴንሽን ገመድ፣ የጠቆረ ሶኬት በቅርበት]

ስለ ግድግዳ ሶኬት አንድ ነገር ላሳያችሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ ሆቴል አደርኩ። መኪናውን በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰካሁትና ተኛሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዘበኛው በሩን አንኳኳ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያ ገመድዎ ሽታ አመጣ።"

ወርጄ ስነካው ሶኬቱ እጅ አያስነካም። ፕላስቲኩ ለስልሶ ነበር። ተራ ዕቃ ለስምንት ሰዓት ያለ ዕረፍት 10 አምፔር እንዲሸከም አልተሠራም። አሁን ከሰካሁ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ መሰኪያውን በእጄ እነካዋለሁ። ለብ ካለ ደህና ነው። ካቃጠለ ከመኪናው ስክሪን ላይ ወደ 8 አምፔር አወርደዋለሁ ወይም እነቅለዋለሁ። ኤክስቴንሽን የግድ ከሆነ ወፍራም ገመድ ይሁን፣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ። የተጠቀለለ ገመድ ራሱን ያበስላል።

ሌላው፣ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መብራት ያንሳል። 220 ቮልት የነበረው 180 ከወረደ ስምንት ሰዓት የተባለው አሥር ይሆናል። ስክሪኑ የሚነግራችሁን ቀሪ ሰዓት ሌሊት እንደገና እዩት።

ወደ ሙቀትና ብርድ እንምጣ። በረዶ አገር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሦስተኛው ርቀት ሊጠፋ ይችላል። የኛ ብርድ እዚያ አይደርስም። ኅዳር ታኅሣሥ ጅማ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። ያም ሆኖ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ባትሪው ቀዝቅዞ ስላደረ ቁልቁለት ላይ የሚመልሰው ይቀንሳል፣ ፈጣን መሙያም ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ፈጣን መሙያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጠዋት ከመነሳት በፊት ሳይሆን ማታ እንደደረሳችሁ ሙሉ፤ ባትሪው ከመንገድ ስለመጣ ሞቅ ያለ ነው። ማሞቂያውን ከመክፈት የመቀመጫ ማሞቂያ ካለው እሱ ይሻላል፤ በጣም ትንሽ ነው የሚበላው።

የጅማ ሰው ከብርድ ይልቅ ክረምቱን ያስብ። መስታወት ጉም ሲይዝ ኤሲውም ማሞቂያውም አንድ ላይ ይሠራሉ። ውሃ የተኛበት አስፋልትም ጎማ ይይዛል። በዝናብ ቀን 15 የነበረውን 17 አድርጌ ነው የማሰላው።

ሙቀት ደግሞ ጊቤ ነው። እኩለ ቀን ላይ እዚያ ከደረሳችሁ ትልቁን ዳገት በትልቁ ሙቀት ትወጣላችሁ። ኤሲው ለእናንተም ለባትሪውም ይሠራል። ወልቂጤ ደርሳችሁ ወዲያው ፈጣን መሙያ ስትሰኩ ማራገቢያው ይጮሃል፣ 50 ይሰጥ የነበረው 35 ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከጅማ 12 ሰዓት ውጡ፣ ጊቤን ከ4 ሰዓት በፊት እለፉ።

[ምስል፦ የመመለሻው መንገድ፣ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሲወረድ]

ስትመለሱስ? ያው መንገድ፣ ሌላ ሂሳብ። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 24 ያህል ይበላል፣ 36 ይቀራል። ስክሪኑ 60 በመቶ ይላል። ወደ ጊቤ ስትወርዱ 3 ብቻ ነው የምታወጡት፣ ልብ ይሞላል። ከዚያ ግን እስከ ጅማ 165 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው፣ 31 ይፈልጋል። በባትሪው 2 ኪሎዋት ሰዓት ይዛችሁ ነው ጅማ የምትገቡት። አንድ የተዘጋ ድልድይ ወይም አንድ ከባድ ዝናብ ቢመጣ አለቀ።

ባለፈው ስንመለስ ወንድሜ ነበር የሚነዳው። ወልቂጤ ላይ 60 በመቶ አይቶ "ምን ያስቆመናል፣ ቁልቁለት እኮ ነው" አለ። አክስቴ ግቢ 32 አምፔር መስመር አለ፤ እምቢ ብዬ አስገባሁት። ክትፎ ቀረበ። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጠን 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሞላን። አሰንዳቦ ላይ ዝናብ ያዘን። ጅማ አጂፕ ስንደርስ ስክሪኑ 16 በመቶ ይል ነበር። ወንድሜ ቁጥሩን አየና፣ "ክትፎው ጥሩ ነበር" አለ፤ ስለ ባትሪው አንድም ቃል አልተናገረም።