ከዝሆኔ ወደ ፖዶኮኒዮሲስ፦ ለአንድ ሕመም ስም ሲገነባ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ደሴ ላይ ለነርስነት የሚሠለጥኑ ወጣቶችን የሕክምና ቃላት አስተምራለሁ። ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ቃሉ ይሰጣል፣ ተማሪው ይበትነዋል፣ ፍቺውን ይናገራል። «ጋስትራይቲስ» ከተባለ «ጋስትር» ጨጓራ ነው፣ መጨረሻው ብግነት ነው፣ ስለዚህ የጨጓራ ብግነት። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚስበኝ የተገላቢጦሹ መንገድ ነው። በእጃችሁ ያለው ፍቺው ብቻ ነው፣ ቃሉ ገና አልተወለደም፤ ከግሪክና ከላቲን ሥሮች መካከል የሚስማማውን ፈልጋችሁ ታገኙለታላችሁ።

በቅርቡ ከወሎ ደጋ የመጣች አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ እኛ አገር ዝሆኔ የምንለው በሽታ በሐኪሞች ዘንድ ስም የሌለው ቢሆንና እርስዎ ስም ያውጡለት ቢባሉ ከየት ይጀምራሉ?» ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ በእውነት ተሠርቷል፣ የተሠራውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የታዩ ሕሙማንን መነሻ በማድረግ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስም ነው።

ዝሆኔ ከዝሆን የወጣ ስም ነው። ያበጠውና ቆዳው የሻከረው እግር የዝሆን እግር ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ግሪኮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ «ኤሌፋስ» ዝሆን ነው፣ ከእርሱም «ኤሌፋንቲያሲስ» ወጣ። ሁለቱም ስሞች የሚናገሩት መልክን ነው፣ መልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አንድ ዓይነት መልክ ያለው እብጠት ከአንድ በላይ በሆነ ምክንያት ሊመጣ ይችላል። በቆላ አካባቢ በወባ ትንኝና በሌሎች ትንኞች የሚተላለፍ ፊላሪያ የተባለ ቀጭን ትል ከሥጋ ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግዱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳና እግርን ያሳብጣል። ደጋ ላይ ግን ትሉ በሌለበት እግራቸው የሚያብጥ ብዙ ገበሬዎች ነበሩ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ በትጋት አጠና። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ፣ ብዙ ዝናብ በሚያገኝ ደጋ ላይ፣ በባዶ እግራቸው በሚያርሱ ሰዎች ዘንድ መሆኑን ተመለከተ። በታማሚዎቹ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥም ከአፈር የመጡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ተገኙ። ያን ጊዜ የዝሆን ስም አልበቃም። ሁለቱን የሚለይ ስም አስፈለገ፤ ካልተለዩ ትል የሌለበት ሰው የትል መድኃኒት ይወስዳል፣ ጫማና የእግር መታጠቢያ ውኃ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ሁለቱንም ሳያገኝ ይቀራል።

እንግዲህ እንደ ተማሪዬ ጥያቄ ከባዶ እንነሳ። ሥር ከመፈለጋችን በፊት ፍቺውን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ አለብን፦ ለዓመታት በባዶ እግሩ ቀይ አፈር በሚረግጥ ሰው ላይ፣ ከአፈሩ የመጡ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎቹን ሲጎዱ የሚመጣ ዘላቂ እብጠት። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው፣ ከባዱም ሥራ ይህ ነው። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሽታውን ከሌሎቹ የሚለየው የትኛው ነው? እብጠቱንና የሊምፍ ቧንቧዎቹን ጉዳት ከትሉ በሽታ ጋር ይጋራል፣ ስለዚህ ይውጡ። ባዶ እግር መሆን ሁኔታ እንጂ በሽታ አይደለም፣ እርሱም ይውጣ። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ እግር፣ አፈርና ዘላቂነት።

በእግር እንጀምር። የግሪክ መዝገበ ቃላት ስንከፍት «ፑስ» የሚል እናገኛለን። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ ያገኙትን ቃል እንዳለ ወስደው ይቀጥላሉ። በግሪክም በላቲንም ግን የስም እውነተኛ ሥር የሚታየው ባለቤት ሆኖ ሲቆም ሳይሆን ዘርፍ ሆኖ፣ እኛ «የ» በምንጨምርበት ቦታ ሲገባ ነው። «የእግር» ለማለት «ፖዶስ» ይላሉ፤ መጨረሻውን ስንቆርጠው «ፖድ» ይቀራል። ደም «ሃይማ» ነው፣ ዘርፉ «ሃይማቶስ»፤ ሄማቶሎጂ ውስጥ የምትሰማው «ቶ» ከየት እንደመጣች አሁን ታያላችሁ።

በላቲን ደግሞ እግር «ፔስ» ሲሆን ሥሩ «ፔድ» ነው። ይህን ለምን አንወስድም? በግሪክ «ፓይስ» ሕፃን ነው፣ ሥሩ ወደ ሕክምና ቋንቋ ሲገባ «ፔድ» ሆኖ ተለሳልሷል፤ የሕፃናት ሐኪም ፔዲያትሪሽያን የሚባለው ከዚህ ነው። ስለዚህ በ«ፔድ» የጀመርነውን ስም የሰማ ባለሙያ የሕፃናት በሽታ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ። የሚቀጥሉት ክፍሎች ግሪክ ከሆኑ የመጀመሪያውም ግሪክ ቢሆን ቃሉ የአንድ ቤት ልጅ ይሆናል። ሕጉ ጥብቅ እንዳልሆነ አልክድም፤ አፔንዲሳይቲስ በላቲን ተጀምሮ በግሪክ ያልቃል፣ ማንም አልተቸገረም። ምርጫ ካለን ግን አንድነቱን እመርጣለሁ።

አፈር ላይ ስንደርስ ምርጫው ይሰፋል፣ እኔም ከክፍሉ ጋር ረጅም ጊዜ የቆየሁት እዚህ ላይ ነው። «ጌ» ምድር ነው፣ ጂኦግራፊ ውስጥ ያለው። «ፔሎስ» ጭቃ ወይም ሸክላ አፈር ነው። «ኮኒስ» አቧራ ነው። ቃል በቃል ብንሄድ ለቀይ ሸክላ አፈር «ፔሎስ» የሚቀርብ ይመስላል፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼም እርሱን መረጡ። የፕራይስ ምርጫ ግን «ኮኒስ» ነበር። ሥር ሲመረጥ በመዝገበ ቃላት ያለው ፍቺ ብቻ አይመዘንም፤ ያ ሥር ቀድሞ በሕክምና ውስጥ ከማን ጋር እንደኖረም ይታያል። በድንጋይ ጠራቢዎችና በማዕድን ቆፋሪዎች ሳንባ ውስጥ አቧራ ተከማችቶ የሚያመጣው ጉዳት ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ኒሞኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሳንባ፣ አቧራ፣ ሁኔታ ማለት ነው። እግርን በሚያሳብጠው በሽታም የታሰበው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ደቃቅ ማዕድን ወደ ሰውነት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሥጋው ይቆጣል። «ኮኒስ» ሲገባ ሐኪሙ የሳንባውን በሽታ አስታውሶ የበሽታውን አካሄድ ጭምር ይገምታል። «ፔሎስ» ያን አይሰጠውም።

ቀጥሎ የመጨረሻው ክፍል አለ። «አይቲስ» ወይስ «ኦሲስ»? በሽተኛው አልፎ አልፎ ትኩሳትና ከባድ ሕመም ያለበት ብግነት ይነሳበታል፣ ስለዚህ «አይቲስ» የሚሉ ይኖራሉ። ያ ግን የሚመጣና የሚሄድ ክስተት ነው፤ በእርሱ ከሰየምነው ዓመታት የሚቆየውን በሽታ በጥቂት ቀናት መልኩ ሰየምነው ማለት ነው። «ኦሲስ» በሰውነት ውስጥ የቆየ ሁኔታን ወይም ሂደትን ያመለክታል። እርሱን እንወስዳለን።

ማያያዙ ቀላል ነው። በሁለት ሥሮች መካከል «ኦ» ትገባለች፦ ፖድ፣ ኦ፣ ኮኒ፣ ኦሲስ። ፖዶኮኒዮሲስ። ሥሩን ተከትሎ የሚመጣው መድረሻ በአናባቢ ከጀመረ «ኦ»ዋ ትወድቃለች፣ ስለዚህ ጋስትራይቲስ እንላለን እንጂ «ጋስትሮአይቲስ» አንልም። በሁለት ሥሮች መካከል ግን ሁለተኛው በአናባቢ ቢጀምርም አብዛኛውን ጊዜ ትቆያለች፣ ጋስትሮኢንትራይቲስ ላይ እንደምንሰማው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ትልቅ እገዛ ነውና። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት «ቃሉን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ፊት አንብቡ» ይላሉ። ተማሪዎቻችን ይህንን ሲከተሉ ይደናገራሉ። ለእነርሱ አያስፈልግም! እንግሊዝኛ «የልብ መተለቅ» ለማለት መተለቁን አስቀድሞ ልብን ያስከትላል፣ ስለዚህ የግሪኩን ቃል ገልብጦ ማንበብ ይገደዳል። አማርኛ ግን እንደ ግሪኩ ገላጩን ያስቀድማል። ካርዲዮሜጋሊ፦ የልብ፣ መተለቅ። ፖዶኮኒዮሲስ፦ የእግር፣ የአቧራ፣ ሁኔታ። «የ» እየጨመራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። የሚያስቸግሩት ከፊት የሚገቡት መነሻዎች ናቸው፤ አኒሚያ ውስጥ «አን» አሉታ ሆኖ ይቀድማል፣ አማርኛው ግን «የደም ማነስ» ብሎ ማነሱን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ለእነዚህ ብቻ ቅደም ተከተሉን ማዞር ያስፈልጋል።

የተገነባ ቃል መፈተን አለበት። ፈተናው ሥሮቹን ለሚያውቅ፣ በሽታውን ግን ላልሰማ ሰው ቃሉን ሰጥቶ ምን እንደሚረዳ መጠየቅ ነው። እኔ ለሌላ ክፍል ስሰጣቸው «በእግር በኩል በአቧራ የሚመጣ የቆየ በሽታ» አሉኝ። እብጠቱን ማንም አልጠቀሰም። ይህ እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን ተገቢ ዋጋ ነው እላለሁ፣ እብጠቱን አውቀን ነው ያወጣነው።

ስሙ የማይሸከመው ሌላም እውነት አለ። በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት ሁሉ የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት የሰውነት መከላከያን በሚመለከቱ አንዳንድ የዘር ቅንጣቶች ልዩነት ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። «ፖድ»ም «ኮኒስ»ም ይህን አይነግሩንም። በምክንያት መሰየም ሁልጊዜ ይህ አደጋ አለበት። ማላሪያ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው፤ አየሩ ነጻ ሆኖ ትንኟ ከተገኘች በኋላም ስሙ አልተለወጠም። የፖዶኮኒዮሲስ ምክንያት እስካሁን ጸንቷል፤ እግርን በሳሙና በየቀኑ ማጠብና ጫማ ማድረግ በሽታውን ይከላከላል፣ የጀመረውንም ያስታግሳል።

ለሚቀጥለው ክፍል አንድ ፍቺ ልስጣችሁ፦ አጥንት ጥንካሬውን አጥቶ እየለሰለሰ የሚሄድበት በሽታ። አጥንት በግሪክ «ኦስቴዎን» ነው። ለቃሉ ሁለተኛ ሥር ሁለት እጩዎች አሉ፦ «ማላኮስ»፣ ለስላሳ፣ እና «ፖሮስ»፣ መተላለፊያ ቀዳዳ። ሁለቱም ከአጥንት ጋር ተጣምረው የታወቁ የበሽታ ስሞች ሆነዋል፣ በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ፍቺውን ደጋግማችሁ አንብቡና የትኛው ሥር እንደሚገባው፣ ሌላኛው ለምን እንደማይገባው ጻፉልኝ።