ሦስት ጎትጓች፣ አጠናቃቂ ግን አንድም የለም፦ ስለ ቤልቢን የቡድን ሚናዎች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«አዲስ ፕሮጀክት እንድመራ ተመድቤያለሁ። ከእኔ ጋር ስድስት ነን፤ ሁሉም የተመሰከረላቸው ጎበዞች ናቸው። የበላዬ ግን ሰው በቡድን ውስጥ የሚመቸውን ሚና የሚለየውን የቤልቢንን መጠይቅ አስሞላቸው ይለኛል። ጎበዝ ሰው ካለኝ ይሄ ምን ይጨምርልኛል?»

ሜሬዲት ቤልቢንም እንደ እርስዎ ነበር የጠበቀው። ይህ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ሄንሊ በሚገኝ የሥራ አመራር ኮሌጅ ለሥልጠና የሚመጡ ኃላፊዎችን በቡድን እየከፈለ ኩባንያ የመምራት ውድድር ሲያወዳድራቸው ቆየ። በአእምሮ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ለብቻ ሰብስቦ «አፖሎ» አላቸው። ያሸንፋሉ ተብለው የተጠበቁት እነሱ ነበሩ። ከ25 የአፖሎ ቡድኖች አንደኛ የወጡት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ጊዜያቸው ያለቀው በክርክር ነው፤ እያንዳንዱ የሌላውን ሐሳብ ቀዳዳ በደንብ ያያል፣ የራሱን አይለቅም፣ መሠራት ያለበት ተራ ሥራ ደግሞ ባለቤት ያጣል።

ከዚህ በመነሳት ቤልቢን አንድ ቡድን የሚያስፈልጉትን ስምንት የአሠራር ዝንባሌዎች ለየ፤ በኋላ ዘጠነኛ ጨመረበት። በእኛ አነጋገር ላስቀምጣቸው። ያልታሰበ መፍትሔ የሚያመጣው ሐሳብ አፍላቂ ነው፤ ሐሳቡን በርጋታ አገላብጦ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው መዛኝ፤ አንድን ሙያ በጥልቀት የያዘው፣ ኋላ የተጨመረው ማለት ነው፣ ልዩ ባለሙያ። ከሰው ጋር ባለው ሥራ ደግሞ ሁሉን አናግሮ ሥራ የሚያከፋፍል አስተባባሪ፣ ውጭ ወጥቶ ሰውና መረጃ ይዞ የሚመለስ አፈላላጊ፣ ቅሬታን ቀድሞ የሚሰማ አስማሚ አለ። ተግባር ላይ «ቶሎ በሉ» እያለ የሚገፋው ጎትጓች፣ ሐሳቡን ወደ ሥራ መርሐ ግብር የሚለውጠው ተግባሪ፣ የመጨረሻዋን ስህተት ሳያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው አጠናቃቂ ናቸው።

ዘጠኝ ሰው ይኑር ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሚና ስለሚመቸው፣ አራትና አምስት ሰውም ሁሉን ሊሸፍን ይችላል።

«ቀደም ሲል ደውዬ ነበር። መጠይቁን አስሞላሁ። ከስድስታችን ሦስታችን ጎትጓች ወጣን፣ እኔም አለሁበት። ሁለቱ ሐሳብ አፍላቂ፣ አንዷ አስማሚ ናት። አጠናቃቂና መዛኝ ጭራሽ የለም። ሥራችን የወረቀት መዛግብትን በስድስት ወር ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ሰው ልቀይር?»

አይቀይሩ፤ ገና አላዩትም። እርስዎ የነገሩኝ የእያንዳንዱን አንደኛ ሚና ነው። ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ይውረዱ። ሰው በተፈጥሮ የማይሮጥበት፣ ግን ከተጠየቀ ሳይሰቃይ የሚሠራው ሚና እዚያ መሃል ላይ ነው ያለው። የእናንተን ዓይነት ቡድን የምታደላድሉት ከዚያ ነው።

አስማሚዋ በሦስተኛ ደረጃ አጠናቃቂ ወጥታለች እንበል። የመጨረሻውን ፍተሻ ለእሷ መስጠት ትክክል ነው፤ ግን ሥራውን ሰጥተው ዞር ካሉ ይበላሻል። አስማሚ ሰው ግጭት አይወድም። ሦስት ጎትጓቾች ቆመው «አልቋል አይደል?» ሲሏት «አዎ» ትላለች። ይህን በሌላ ቡድን ዓይኔ እያየ ታዝቤዋለሁ፦ ከአንዲት አስማሚ ፊት የተቆለለው ፋይል ግማሹ አልተመሳከረም፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን እስክሪብቶዋን እያገላበጠች ፈገግ አለች። ስህተቱ የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ «ገና ነው» የሚለውን ቃል ወረቀት ይናገርላት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የማመሳከሪያ ዝርዝር ይኑር፤ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ 100 መዝገብ 10ሩ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር፣ ከአንድ በላይ ስህተት ከተገኘ መቶውም ይመለስ ብላችሁ ተስማሙ። ያኔ እሷ ከማንም ጋር መጣላት አይጠበቅባትም።

መዛኝ ከማንም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ካልተገኘ ከውጭ ይዋሱ። መዛኝ በየቀኑ አብሯችሁ መዋል የለበትም። የሚፈለገው ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ነው፦ የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ፣ ከየትኛው ዘመን መዝገብ ይጀመር ሲባል። ከሌላ ክፍል ረጋ ያለ ሰው ለሁለት ሰዓት አስቀምጠው ዕቅዱን ያስተቹት። ከውሳኔ በኋላ ካመጡት ግን ሥራ አደናቃፊ ሆኖ ይታያል።

ጎትጓቾቹ ላይ ነው የምፈራልዎ። ሁለቱ በአንድ ሥራ ላይ ከተቀመጡ ፉክክሩ ሥራውን ይውጠዋል። አንዱ ወረቀቱን ስካን የማድረጉን፣ ሌላው የመረጃ ማስገባቱን ሥራ ይያዝ፤ የየራሳቸው የጊዜ ገደብ ይኑራቸው። እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ መጨረሻ ይናገሩ። አስተባባሪ የላችሁም፤ ያንን ወንበር መያዝ ያለብዎ እርስዎ ነዎት፣ ጎትጓች ደግሞ መጀመሪያ ከተናገረ የሌላው አፍ ይዘጋል። ሚዛኑ እንዳልተስተካከለ የሚያውቁበት ምልክት ቀላል ነው፦ ስብሰባው ሞቅ ያለ ይሆናል፣ ከስብሰባ ሲወጡ ግን ማን ምን እንደሚሠራ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ይነግርዎታል።

ሁለቱን ሐሳብ አፍላቂዎች በመጀመሪያው ወር በደንብ ይጠቀሙባቸው። በአራተኛው ወር «በሌላ መንገድ ብናደርገውስ» ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሐሳባቸውን ለቀጣዩ ፕሮጀክት መዝግበው ያቆዩት።

«ባልደረባችን ‹እኔ ሐሳብ አፍላቂ ነኝ፣ ሪፖርት መጻፍ የእኔ ሚና አይደለም› ይላል። መጠይቁ እንዲህ እንዲል ይፈቅድለታል?»

አይፈቅድለትም። ቤልቢን እያንዳንዱ ሚና የሚታገሡት ድክመት አለው ይላል። ሐሳብ አፍላቂ ዝርዝር ነገር ሊረሳ ይችላል፤ ያ ይታለፋል፣ የጥንካሬው ሌላ ገጽ ነውና። ረሳሁ ማለትና አልሠራም ማለት ግን ይለያያል። ሪፖርቱን በአጭሩ ይጻፍ፣ ተግባሪ የሆነ ሰው መልክ ያስይዝለት።

«እኔና ጓደኛዬ ሁለታችንም በአስተባባሪነት 14 ነጥብ አገኘን። እኩል ነን ማለት ነው?»

አይደለም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በመጀመሪያው መጠይቅ ሰባት ክፍሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ 10 ነጥብ ለዓረፍተ ነገሮቹ ያከፋፍላሉ፣ የሁሉም ሰው ድምር 70 ነው። ነጥቡ የሚነግረን እርስዎ በራስዎ ውስጥ የትኛውን ከየትኛው እንደሚያስበልጡ እንጂ ከጓደኛዎ ይብለጡ ይነሱ አይደለም። እርስዎ 14 ሰጥተው ሌላ ሚና ላይ 18 ካለዎት ሁለተኛዎ ነው፤ ለጓደኛዎ አንደኛዋ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም የሞሉት ስለ ራስዎ ያለዎትን ግምት ነው። የሥነ ልቦና መለኪያ ባለሙያዎች በመጠይቁ አስተማማኝነት ላይ ከባድ ትችት አቅርበዋል፤ ቤልቢንም የሥራ ባልደረቦች አስተያየት እንዲጨመር ያደርጋል። አብረዋችሁ የሠሩ አራት አምስት ሰዎች እንዴት እንደሚያዩአችሁ ይጠይቁ። እርስዎ «አስተባባሪ ነኝ» ሲሉ እነሱ «ጎትጓች ነው» ካሉ የእነሱን ይመኑ። በዚህ ወረቀት ብቻ ሰው መቅጠር ወይም ማሰናበት ግን አይሞከርም።