ለማናውቀው ሰው ደብዳቤ ስንጽፍ መክፈቻው ምን ይሁን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ?

አሁን የሰጠኋችሁን ሰላምታ ልብ በሉልኝ። ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ይህን ቪዲዮ የከፈተው አንድ ሰው ይሁን አሥር፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሰፈሬ ልጅ ይሁን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ አላውቅም። ሰላም ስላችሁ ግን ማንንም አላስቀየምኩም። «ዋልክ» ብል ሴቶቹን እረሳ ነበር፤ «ዋልሽ» ብል ወንዶቹን። «ዋላችሁ» ስላልኩ ሁላችሁም ገባችሁ። የዛሬው ጉዳያችንም ይኸው ነው፦ ስሙን ወይም ጾታውን ወይም ማዕረጉን ለማናውቀው ሰው ደብዳቤ ስንጽፍ መክፈቻው ላይ ምን እንበል?

ወደ ደብዳቤው ከመግባቴ በፊት ወደ አንድ በር ልውሰዳችሁ። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ፣ የድንጋይ አጥር ያለው ግቢ አለ እንበል። የቆርቆሮ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የቡና ሽታ ይመጣል፤ ሙቀጫ ሲወቀጥ ይሰማል። እናንተ ውጭ ቆማችኋል። ውስጥ ያለው ማን ነው? እናትየዋ ትሆን፣ አያትየው፣ የንስሐ አባት መጥተው ይሆን፣ ወይስ ተከራዩ ብቻውን ነው? አታውቁም። ታዲያ ምን ትላላችሁ? «ጋሼ!» አትሉም፤ ጋሼ ላይኖሩ ይችላሉ። «እትዬ!» አትሉም። «አባ!» አትሉም። ያደገ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ቃል ብቻ ይላል፦ «ቤቶች!»

ከውስጥም መልስ ይመጣል፦ «ደጆች!»

እኔ ይህን ነገር እጅግ እወደዋለሁ። ሁለቱም አይተያዩም፤ ሁለቱም አይተዋወቁም። በውጭ ያለው የውስጡን በቤቱ ጠራው፤ በውስጥ ያለው የውጩን በቆመበት ደጅ ጠራው። ማንም ማንንም አልገመተም። ደግሞም ቃሉ በብዙ ቁጥር ነው፤ ውስጥ ያለችው አንዲት ልጅ ብትሆንም «ቤቶች» ናት። በሩ ተከፍቶ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያን ጊዜ «ጋሼ»ም «እማማ»ም ይመጣል። ከዚያ በፊት አይመጣም። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ሰውየው።

ደብዳቤም እንደዚያው ደጅ መቆም ነው። የማናውቀውን ሰው በያዘው ቦታ እንጠራዋለን፤ «ለግዥ ክፍል ኃላፊ»፣ «ለሰው ሀብት አስተዳደር»፣ «ለመዝገብ ቤት» እንላለን። አቶ ናቸው ወይዘሮ፣ ዶክተር ናቸው ኢንጂነር ብለን አንገምትም። ዶክተሩን «አቶ» ብንላቸው የለፉበትን ማዕረግ መንሳት ነው፤ አቶውን «ዶክተር» ብንላቸው ደግሞ ያላቸው ሳይሆን የሌላቸው ነገር ይነሣባቸዋል። ለአንድ ደብር ስትጽፉም አስተዳዳሪው ቄስ ይሁኑ መሪጌታ ካላወቃችሁ «ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት» ብላችሁ ጻፉ፤ ደብዳቤው ከቦታው ይደርሳል።

አሁን ወደ ሰዋስዉ። መሠረቱን ስለምታውቁት በፍጥነት አልፈዋለሁ። በአማርኛ ሰውን ስናከብር ጾታው ከቃሉ ይጠፋል። አንተና አንቺ «እርስዎ» ይሆናሉ፤ እርሱና እርሷ «እርሳቸው» ይሆናሉ። ስለዚህ «የተከበሩ» ለወንድም ለሴትም ይሠራል፤ «የተከበረ» እና «የተከበረች» ግን ጾታ ለይተዋል። «ክቡር» የወንድ ነው፤ የሴቷ «ክብርት» ነው፤ ስለዚህ ለማናውቀው ሰው አንዱንም አንመርጥም። «ኃላፊ» ጾታ የለውም፤ ትንሿን ምዕላድ ጨምረን «ኃላፊው» ወይም «ኃላፊዋ» ካልን ግን ወስነናል። «ሥራ አስኪያጅ» እና «ዳይሬክተር»ም ጾታ አይለዩም፤ «ርእሰ መምህር» ግን ሴቷ «ርእሰ መምህርት» ስለሆነች ማንነቱ ካልታወቀ ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት መጻፍ ይሻላል። «አቶ/ወይዘሮ/ወይዘሪት» እያሉ በሰያፍ መስመር መደርደርንም አልመክርም፤ ተቀባዩን ራሱን «የማይመለከትህን ሰርዝ» ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ ደብዳቤ የተቀዳው «ውድ ጌታዬ ወይም እመቤቴ»ም በአማርኛ መሥሪያ ቤት ቦታ የለውም።

ቻናሉን ገና ያልተቀላቀላችሁ ካላችሁ አሁን ተቀላቀሉ፤ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ተከታታይ ቪዲዮዎችን እያዘጋጀሁ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝን አስተያየት ማንሣት አለብኝ። «ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ‘ለሚመለከተው ሁሉ’ ብሎ መጻፍ አይቀልም?» ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ ጨዋ መክፈቻ እርሱ ነው ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። አይደለም፤ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማም በደንብ ላስረዳ።

«ለሚመለከተው ሁሉ» የራሱ ሥራ ያለው አጻጻፍ ነው። አሠሪያችሁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጽፍላችሁ፣ ያንን ወረቀት ነገ ባንክ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቀጣሪ ዘንድ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ኤምባሲ ልታቀርቡት ትችላላችሁ። ጸሐፊው ወረቀቱ የት የት እንደሚዞር አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ «ሁሉ» ይላል። ወረቀቱ ይመሰክራል እንጂ ከአንባቢው ምንም አይጠይቅም።

እናንተ ግን አንድ ነገር የምትጠይቁት ከአንድ ቤት ነው። ደብዳቤያችሁ መዝገብ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሠራተኛዋ ቀንና ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ቀጥሎ ወደ ኃላፊ ይሄዳል፤ ኃላፊውም ኅዳጉ ላይ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ ይጽፉበታል። አናቱ ላይ «ለግዥ ክፍል» የሚል ካለ መንገዱ ግልጽ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ከሆነ ግን አንድ ሰው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቦ ማንን እንደሚመለከት መወሰን አለበት፤ ያ ሰው ሥራ ከበዛበት ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ሁሉን የሚመለከት ነገር የማንም ድርሻ አይሆንም። ወደ በራችን ስንመለስ፣ «ቤቶች!» የሚለው ሰው በአንድ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጣራው። መንገድ ዳር ቆሞ «የሰማ ሁሉ ይምጣ!» አይልም።

እሺ፣ አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ጉዳይ። ጥልፍ የምትሠራ አንዲት ልጅ ረቂቅ ይዛ መጣችልኝ። በእጅ የተጠለፉ የትራስ ልብሶችን ለአንድ ሆቴል መሸጥ ትፈልጋለች። ረቂቁ እንዲህ ይጀምራል፦

«ክቡር አቶ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ የእጅ ሥራዬን ናሙና እንድታይልኝና ጊዜ ሰጥተህ እንድታናግረኝ እጠይቃለሁ።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ግምት አለ? «ክቡር» ወንድ ነው አለች። «አቶ» ብላ ደገመችው፤ ማዕረግ እንደሌላቸውም ወሰነች። «እንድታይልኝ» ብላ ደግሞ «ክቡር» ያለቻቸውን ሰው አንተ አለቻቸው። የመጨረሻው በብዛት የማገኘው ስሕተት ነው፦ ሰላምታው ላይ የተሰጠው አክብሮት ግሡ ላይ ይወሰዳል። መፈተሻው ቀላል ነው። ደብዳቤውን ስትጨርሱ ስሞቹን ተዉና ግሦቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። አንዱ «እንዲያዩልኝ» ሌላው «እንድታናግረኝ» ካለ ደብዳቤው ሁለት ሰው እያናገረ ነው።

ከማረማችን በፊት ወደ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ስልክ እንድትደውል ነገርኳት። «ኃላፊው ወንድ ናቸው ሴት?» ብላ እንዳትጠይቅ አስጠነቀቅኳት፤ የጠያቂውን ዓላማ አጠራጣሪ ያደርገዋል። ጥያቄዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፦ «የትራስ ልብስ ግዥ የሚመለከተው የትኛው ክፍል ነው?» እና «ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» ሁለተኛዋ ጥያቄ ውድ ናት። ስም ቢነግሯችሁም፣ ማዕረግ ቢነግሯችሁም፣ «ወይዘሮ» ቢሏችሁም፣ የሚመጣው ሰዎቹ ራሳቸው የሚጠሩበት ስም ነው።

የመጣው መልስ ግን «የግዥ ክፍል ኃላፊ ብለሽ ጻፊ፤ እርሳቸው ያዩታል» የሚል ሆነ። ስም የለም። «እርሳቸው» ስለተባለም ጾታው አልታወቀም። ሥራ አስኪያጁ ጋር መሄድ እንደማያስፈልግ ግን ታወቀ፤ ይህ ብቻውን ደብዳቤውን አንድ ጠረጴዛ አሳጠረለት።

[ደብዳቤው በስክሪኑ ላይ ይታያል]

በቀኝ በኩል ቀኑ። በግራ በኩል «ለ» ተብሎ የሆቴሉ ስም፣ ከሥሩ «ግዥ ክፍል»፣ ከሥሩ «ጎንደር»። ቀጥሎ መሐል ላይ፦

«ጉዳዩ፦ በእጅ የተጠለፉ የትራስ ልብሶችን ናሙና ለማሳየት ፈቃድ ስለመጠየቅ»

ከዚያ፦

«የተከበሩ የግዥ ክፍል ኃላፊ፣

በጎንደር ከተማ ጥልፍ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። ለእንግዳ ክፍሎች የሚሆኑ የትራስ ልብሶችን ናሙና እንዲመለከቱልኝ፣ ለዚህም የሚመችዎትን ቀን እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ስሟ፣ ፊርማዋ፣ ስልኳ። ግሦቹን አንብቡ፦ «እንዲመለከቱልኝ»፣ «እንዲያሳውቁኝ»። አንድ ሰው ናቸው፤ ወንድም ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዶክተርም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም ልክ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። መልስ ቢመጣና ከፊርማው ሥር «ምሥራቅ» የሚል ስም ብታገኙስ? ወይም «ደስታ»፣ ወይም «ዓለም»? እነዚህ ስሞች የወንድም የሴትም ናቸው። የአባት ስም ያግዘናል የምትሉ አላችሁ፤ አያግዝም፤ የአባት ስም የሚነግረን ስለ አባትየው ነው። እንዲህ ሲሆን በሩ ግማሹ ብቻ ተከፍቷል ማለት ነው። አሁን ስማቸውን እናውቃለን፤ ስለዚህ ስሙን መተው ነውር ነው፤ ከስሙ ፊት ግን «አቶ»ም «ወይዘሮ»ም አንጨምርም። የጥልፍ ሠሪዋ ሁለተኛ ደብዳቤ ስም ከነአባት ስም ጽፋ፣ ኃላፊነቱን አስከትላ «የተከበሩ ምሥራቅ እገሌ፣ የግዥ ክፍል ኃላፊ» ብላ ትጀምራለች፤ ናሙናዋን ይዛ በቀጠሮው ቀን ስትገባ ደግሞ በዓይኗ አይታ ትጠራቸዋለች።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ «ግልባጭ» እናወራለን። ደህና ዋሉ።